ገጸ ባሕርይዋ ውሃ ስትደፋ ምን ትበል?

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በእንግሊዝኛ የተሠራ የቤተሰብ ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ድምፅ እንዲቀርብ ጽሑፉን እየተረጎምኩ ነው። ረጃጅሙ ንግግር አላስቸገረኝም፤ ያቃተኝ አጫጭሩ ነው። በአንድ ትዕይንት ውስጥ ታላቋ እህት ኤማ የታናሿን የሊሊን ሥዕል ለማየት ስትጠጋ ብርጭቆ ውሃ በሥዕሉ ላይ ትደፋና ‹ኡፕስ› ትላለች። ብርጭቆው ወድቆ ይሰበራል፤ ስብርባሪውን ስትለቅም ጣቷን ይቆርጣትና ‹አውች› ትላለች። ሊሊ ሌላ ሥዕል ስታሳያት ‹ዋው› ትላለች። የእናታቸው ኮቴ ሲሰማ ደግሞ ሁለቱም ሳቃቸውን አፍነው፣ ተያይተው ‹ያይክስ› ይላሉ። እኔ በቅደም ተከተል ‹ስህተት!›፣ ‹ያማል!›፣ ‹አስደናቂ!› እና ‹አስፈሪ!› ብዬ ጻፍኩ፤ ተዋንያኑ ሲያነቡት በሳቅ ሞቱ። እንግሊዝኛውን እንዳለ ልተወው ወይስ ሌላ መላ አለ?»
ቃል ያጠረኝ ተርጓሚ

ውድ ጠያቂያችን፣ ተዋንያኑን ያሳቃቸው የቃላቱ አማርኛነት ጎድሎ አይደለም። «ያማል» እንከን የሌለው አማርኛ ነው፤ ነገር ግን ሐኪም «ስጫነው ያማል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመለስ መልስ እንጂ ጣቱን ብርጭቆ የቆረጠው ሰው አፍ ላይ የሚመጣ ቃል አይደለም። «አስደናቂ» አንድ ሰው ነገሩን አይቶ፣ አስቦና መዝኖ ከጨረሰ በኋላ የሚሰጠው ፍርድ ነው። «ስህተት» እና «አስፈሪ»ም እንደዚሁ ከሆነው ነገር ራቅ ብሎ የቆመ ሰው የሚሰጣቸው ስሞች ናቸው። እርስዎ ያደረጉት መዝገበ ቃላት «ዋው ማለት መደነቅን የሚገልጽ ቃል ነው» ብሎ የጻፈውን ፍቺ ወስደው ፍቺውን ራሱን ለገጸ ባሕርይዋ ማጉረስ ነው። የሰዋስው መጻሕፍት «ቃለ አጋኖ» የሚሉት የቃል ክፍል ግን ስሜትን የሚገልጽ ሳይሆን ስሜቱ ራሱ ከአፍ ሲያመልጥ የሚሰማው ድምፅ ነው፤ ለዚህም ነው ከዓረፍተ ነገሩ ውጭ ብቻውን የሚቆመው።

አንድ ቃል እውነተኛ ቃለ አጋኖ መሆን አለመሆኑ ሲያጠራጥርዎ «አለ» የሚለውን ግስ ከጎኑ አስቀምጠው ይስሙት። «እፎይ አለ» ሲባል ሰውየው አፉን ከፍቶ «እፎይ» የሚለውን ቃል መናገሩ ግድ አይደለም፤ ተገላገለ ማለት ነው። «ኤጭ አለች» ሲባልም መሰልቸቷን እንሰማለን። በአንጻሩ «አስደናቂ አለች» ሲባል የምንረዳው ያንን ቃል መናገሯን ብቻ ነው። ይህ ልዩነት የሰዋስው ጨዋታ ቢመስልም በተግባር ይጠቅማል፤ በመጀመሪያው ረድፍ የሚቆሙትን ቃላት ተዋናይ በትንፋሽ፣ በጩኸት ወይም በሹክሹክታ ሊላቸው ይችላል፤ በሁለተኛው ረድፍ ያሉትን ግን ከማንበብ ሌላ ምርጫ የለውም።

ወደ ትዕይንቱ ከመግባታችን በፊት አማርኛ በዚህ ጉዳይ ከእንግሊዝኛው የሚለይበትን ዋናውን ነገር ልንገርዎ። እንግሊዝኛው «ኡፕስ» ሲል ጉዳቱ የደረሰው በተናጋሪው ላይ ይሁን በሌላ ሰው ላይ፣ ሰሚው ወንድ ይሁን ሴት፣ ታላቅ ይሁን ታናሽ ግድ የለውም። አማርኛው ግን በቅድሚያ የሚጠይቀው «በማን ላይ ደረሰ?» ብሎ ነው። «ወይኔ» በራስ ላይ የሚወርድ ነው፤ የጠፋው፣ የተበላሸው፣ የመጣው ጉድ የእኔ ነው ማለት ነው። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው «ወዮልሽ» ወደ ሰሚዋ ሲዞር ሐዘን መሆኑ ይቀርና ዛቻ ይሆናል። «እኔን!» ደግሞ ጉዳቱ የሌላ ሰው ሲሆን ተናጋሪው በእኔ ይሁን ብሎ የሚሻማበት ቃል ነው። «ውይ» ከሁሉም መካከል ሰፊው ነው፤ ለራስም ለሌላም፣ ለመርሳትም ለማዘንም፣ ለድንጋጤም ያገለግላል፤ ስለዚህም የት ላይ እንዳረፈ የሚነግረን ከኋላው የሚከተለው ቃል ነው። የአማርኛ ቃለ አጋኖ ብዙውን ጊዜ ጭራ ይፈልጋል የምለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚያስቸግርዎ ነገር ግማሹ የሚፈታውም ጭራውን በመምረጥ ነው።

እንግዲህ ኤማ ውሃውን ደፍታለች። «ውይ!» የሚለው መነሻ አያከራክርም። «ወይኔ!» ብትል ግን ሥዕሉ የራሷ ይመስላል፤ ለሊሊ ሥዕል «ወይኔ» ማለት ያለባት ሊሊ ናት፤ ኤማ ቃሉን ብትወስድባት ተመልካቹ የማን ሥዕል እንደተበላሸ ለአፍታ ግራ ይጋባል። አሁን ጭራውን እንምረጥ። «ውይ! ደፋሁብሽ!» ብትል ጥፋቱን በራሷ ላይ ወስዳ ጉዳቱንም የሊሊ መሆኑን አምናለች፤ «ደፋሁ» የሚለው ድርጊቱን የእሷ ያደርገዋል፣ «ብሽ» የሚለው ደግሞ ማን እንደተጎዳ ይናገራል። «ውይ! ፈሰሰብኝ!» ብትል ውሃው በራሱ የፈሰሰ፣ የተበደለችውም እሷ ራሷ የሆነች ይመስላል፤ ያለ ማሰብ የተፈጠረ ነገር ሲሆን የምንለው ነው። «ውይ፣ ተደፋ!» ብትል ደግሞ ደፊም ተጎጂም የለም፤ ውሃው ተደፋ፣ በቃ። ሦስቱም የእንግሊዝኛው «ኡፕስ» ትክክለኛ አማርኛ ናቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያዋ ኤማ ቅን ናት፣ ሁለተኛዋ ለራሷ የምታዝን ናት፣ ሦስተኛዋ ብልጣብልጥ ናት። የትኛዋ እንደሆነች ከቀሩት ክፍሎች ያውቋታልና የሚመርጡት እርስዎ ነዎት። እንግሊዝኛው ይህን ውሳኔ ለተዋናይዋ ፊት ትቶታል፤ አማርኛው ግን ግሱ ላይ በሚቀጸለው በዚያች ትንሽ «ብኝ» ወይም «ብሽ» ውስጥ ይሸከመዋል። እኔ ሳስበው የ«ኡፕስ» እውነተኛ አቻ ያለው ከ«ውይ» ይልቅ እዚያ ውስጥ ነው፤ «ተሰበረብኝ»፣ «ጠፋብኝ»፣ «ተቃጠለብኝ» ስንል ሳንፈልግ መሆኑን ያለ ምንም ቃለ አጋኖ ተናግረናልና።

«ኡፕስ» ዕቃ በመጣልና በመድፋት ብቻ አይወሰንም። አንዲት ገጸ ባሕርይ ምስጢር ተናግራ «ኡፕስ» ብትል ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ «ውይ፣ አመለጠኝ!» የሚለው ልክ ይሆናል። ቀጠሮ ረስታ ድንገት ትዝ ሲላት «ውይ፣ ለካ ዛሬ ነው!» ትላለች፤ «ለካ» የምትለዋ ቃል ያኔውኑ የበራላትን ነገር ስለምታሳይ የ«ኡፕስ»ን ሥራ ግማሹን ትሠራለች። ከማታውቀው ሰው ጋር ስትጋጭ ደግሞ «ውይ፣ ይቅርታ!» ይበቃል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቃል ለመሸፈን መሞከር ነው «ስህተት!» ላይ ያደረስዎ።

ወደ ጣቷ እንምጣ። አማርኛ ተናጋሪ አንድ ነገር ሲቆርጠው፣ ሲወጋው ወይም ሲቀጠቅጠው ብዙውን ጊዜ የሚጠራው የተጎዳውን አካል ነው፤ «ጣቴን!»፣ «እግሬን!»፣ «ወገቤን!» እያለ። በመጨረሻዋ «ን» ላይ ልብ ይበሉ። «ጣቴን ቆረጠኝ»፣ «ራሴን አመመኝ» በሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ያለችው «ን» ናት፤ ሕመሙ ግሱን ለማስጨረስ ጊዜ ስላልሰጠ ግሱ ይቀርና አካሉ ከነ«ን»ው ይቀራል። ስለዚህ ለኤማ «ውይ፣ ጣቴን!» ብለው ይጻፉላት። ጠንከር ያለ ከፈለጉ «ወይኔ ጣቴን!» ይሁን፤ እዚህ ላይ «ወይኔ» ቦታውን ያገኛል፣ ጉዳቱ የራሷ ነውና። «ን»ን ግን አይጣሏት፤ «ጣቴ!» ብቻ ቢሆን ቃሉ ሕመሙ ይቀንስበታል፤ ጣቷን የምታስተዋውቅ ይመስላል።

እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ስህተት ግን መጠንን መሳት ነው። ተርጓሚው «ያማል» እንደማይሆን ይገባውና ጠንካራ የአማርኛ ቃል ፍለጋ ሄዶ «ዋይ ዋይ!» ወይም «ኡኡ!» ላይ ያርፋል። «ዋይ ዋይ» የለቅሶ ድምፅ ነው፤ ሰው ሞቶ የሚወጣ ነው። «ኡኡ» ደግሞ ድረሱልኝ ማለት ነው፤ ኤማ «ኡኡ» ካለች ሰው ሁሉ መሮጥ አለበት። «እህህ» የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ሲገላበጥ የሚያሰማው ማቃሰት ነውና ለድንገተኛ መቆረጥ አይሆንም። ለትንሽ ጉዳት ትልቅ ቃል ሲገባ ውጤቱ ቀልድ ይሆናል፤ ድራማው እዚያ ላይ ቀልድ ካልፈለገ ተመልካቹ በማይሳቅበት ቦታ ይስቃል። መጠኑን ለመለካት ቀላሉ መንገድ «ይህን ድምፅ ከሌላ ክፍል ብሰማው ተነሥቼ እሄዳለሁ ወይ?» ብሎ ራስን መጠየቅ ነው። ለ«ኡኡ» ይሮጣሉ፤ ለ«ወይኔ ጣቴን!» «ምን ሆንሽ?» ብለው ከተቀመጡበት ይጣራሉ፤ ለ«ውይ!» ምናልባት አንገትዎን ቀና ቢያደርጉ ነው።

በነገራችን ላይ ያንን «ምን ሆንሽ?» በጽሑፍዎ ውስጥ ይፈልጉት። በእንግሊዝኛው ሊሊ ወዲያው ደህንነቷን የምትጠይቃት ከሆነና እርስዎ «ደህና ነሽ?» ብለው ከተረጎሙት ሌላ ሳቅ ተደግሷል፤ «ደህና ነሽ?» ሰላምታ ነውና፤ እጇ እየደማ ያለችን ሰው ሰላም እንደ ማለት ይሆናል። «ምን ሆንሽ?» ወይም «ቆረጠሽ?» ይበቃል። «እኔን!» የሚለውን ለሊሊ መስጠት ያምርዎት ይሆናል፤ እኔ ግን አልመክርም። «እኔን!» በአብዛኛው ከትልቅ ወደ ትንሽ፣ ከእናት ወደ ልጅ፣ ወይም በእኩዮች መካከል የሚባል፣ ከወንዶች ይልቅ ከሴቶች አፍ አዘውትሮ የሚሰማ ቃል ነው፤ አንዲት ትንሽ ልጅ ለታላቅ እህቷ ስትለው የአያቷን ቃል የተዋሰች ትመስላለች። ሊሊ ብትደነግጥ የምትለው «ውይ! ደማሽ!» ነው። እናቲቱ ገብታ ደሙን ስታይ ግን «እኔን!» ማለት ይኖርባታል፤ እንግሊዝኛው እዚያ ላይ ምንም ባይል እንኳ ትንፋሿን ስትስብ ከታየች ቃሉ ልክ ይገባል።

«ዋው» ከአራቱ ሁሉ ቀላሉ ይመስላል፤ ተርጓሚ የሚስተው ግን እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም አማርኛ ተናጋሪ ሲደነቅ ብዙ ጊዜ ቃለ አጋኖ ሳይሆን ያልተጨረሰ ግስ ይናገራልና። ሊሊ ሁለተኛውን ሥዕል ስታወጣ ኤማ የምትለው «ሲያምር!» ነው። «ሲያምር» በተለመደው አገባቡ ሌላ ግስ ይጠብቃል፤ እዚህ ግን ዓረፍተ ነገሩ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ አድናቆቱም እዚያው መንጠልጠሉ ላይ ነው። የተደነቀበት ነገር ሰው ከሆነ ግሱ ከሰውየው ጋር ይስማማል፤ ለሴት «ስታምሪ!»፣ ለወንድ «ስታምር!»፣ በአክብሮት «ሲያምሩ!» ይባላል። ወሬው ደስ የሚል ከሆነ «ደስ ሲል!» ነው። ግሱን ከፍ ለማድረግ ሲያስፈልግ «አቤት» ከፊቱ ይገባል፤ «አቤት ሲያምር!» ሲባል ተናጋሪው ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ አይቶታል። ኤማ ሠሪዋን ማመስገን ከፈለገች «ጎበዝ!» ወይም «ጎሽ!» ልትል ትችላለች፤ «ጎሽ» ግን ከላይ ወደ ታች ብቻ ይወርዳልና በሌላ ክፍል ሊሊ እናቷን ስታደንቅ እንዳያስገቡት ይጠንቀቁ።

«ዋው» የሚደነቅበት ነገር ሁልጊዜ ውብ ነገር አይደለም። አንድ ሰው የማይታመን ወሬ ሲያወራ የሚባለው «ዋው» በአማርኛ «አትይኝም!» ወይም «ተይ!» ይሆናል፤ ለወንድ «አትለኝም!»፣ «ተው!»። «ወይ ጉድ!» ለሁለቱም ወገን ያገለግላል፤ ለመልካሙም ለክፉውም ይባላልና ድምፁ ይወስነው። የሚያፌዝ «ዋው» ሲያጋጥምዎ፣ ማለትም ገጸ ባሕርይዋ እያደነቀች ሳይሆን እያንኳሰሰች ስትሆን፣ «ድንቄም!» የሚል የተዘጋጀ ቃል አለልዎ፤ እንግሊዝኛው ለዚህ የሚጠቀመው የድምፅ ቃና ብቻ ስለሆነ ጽሑፉን ብቻ እያዩ የሚተረጉሙ ሰዎች ሳያውቁት ያልፉታል። አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፤ ድምፁ ስለቀረበ ብቻ «ዋው»ን ወደ «ዋ!» ያሳጠሩ ጽሑፎች አይቻለሁ። «ዋ!» በአማርኛ ማስጠንቀቂያ ነው። ኤማ የሊሊን ሥዕል አይታ «ዋ!» ብትል ሥዕሉን እንዳትነካው የከለከለቻት ይመስላል።

«ያይክስ» ላይ ስንደርስ አንድ ቁርጥ ያለ አቻ የለም፤ ባይኖርም አይጎዳም። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ውስጥ ድንጋጤን፣ ፍርሃትንና እፍረትን ይከታል፤ አማርኛው ለየብቻ ይዟቸዋል። በዚህ ትዕይንት ያለው የጥፋተኛ ፍርሃት ነው፤ ኮቴ ተሰምቷል፣ ወለሉ ርጥብ ነው፣ ብርጭቆው ተሰባብሯል። «ጉዳችን ፈላ!» የሚለው የልጆችን ፍርሃትና ተባባሪነት ባንድ ጊዜ ይይዛል። ይሁን እንጂ እዚህም ላይ «በማን ላይ?» የሚለው ጥያቄ ይመለሳል። እንግሊዝኛው ሁለቱንም ልጆች አንድ ቃል አስብሏቸዋል፤ በአማርኛው ግን ሊሊ ከእህቷ ጋር ወግና «ጉዳችን ፈላ!» ልትል ትችላለች፣ ወይም ሥዕሏ የተበላሸባት ልጅ መሆኗ ትዝ ብሏት «ጉድሽ ፈላ!» ብላ ልትተዋት ትችላለች። ኤማ ለብቻዋ ብትሆን «ጉዴ ፈላ!» ትል ነበር። እኔ ብሆን ተያይተዋልና፣ ሳቃቸውንም አፍነዋልና «ጉዳችን» የሚለውን እወስዳለሁ፤ ሁለቱን አንድ ዓይነት ቃል ማስባል ግን ግዴታ አይደለም። አንዷ «መጣች!» ብትል፣ ሌላዋ «አለቀልን!» ብትል ሁለት እህትማማቾችን ይበልጥ ይመስላሉ።

በሌላ ክፍል ሰው ሲያሳፍር አይቶ የሚባል «ያይክስ» ሲመጣ «ኧረ!» ወይም «ኧረ ጉድ!» ይጻፉ፤ የሚቀፍ ነገር ታይቶ ከሆነ «ሰቀጠጠኝ!» ይሆናል። ለድንገተኛ ድንጋጤ «በስመ አብ!»፣ «የፈጣሪ ያለህ!»፣ «ያ አላህ!» የሚሉት ከማንኛውም ቃል በላይ ተፈጥሯዊ ሆነው ይሰማሉ፤ ነገር ግን የተናጋሪዋን ሃይማኖት ተናግረው ያልፋሉና ድራማው ስለ ሃይማኖቷ ምንም ካላለ እርስዎ አስቀድመው አያጥምቋት። ከሦስቱ ሰፋ ያለው «የፈጣሪ ያለህ!» ነው፤ ለልጅ አፍ ግን ይከብዳል።

እንግሊዝኛውን እንዳለ ስለ መተው የጠየቁትን በአጭሩ ልመልስ። «ዋው» ዛሬ ከወጣቶች አፍ የሚሰማ ቃል ነው፤ አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በአማርኛ ስታወራ «ዋው፣ ሲያምር!» ብትል ማንም አይደነግጥም። «ኡፕስ»ም ከእነዚሁ ወጣቶች አልፎ አልፎ ይሰማል። ስለዚህ ቃሉን ከኤማ አፍ ማባረር የቋንቋ ጥራት ነው ብዬ አልከራከርዎትም። ነገር ግን ቃሉ ኤማን ዘመናይ ያደርጋታልና ለእሷ የመረጡት ከሆነ ለእናቷ አይስጡት፤ ለአያቷማ ጨርሶ አይስጡት። ሁሉም ገጸ ባሕርያት «ዋው» ካሉ አማርኛው የተተወው ሆን ተብሎ ሳይሆን ተርጓሚው ስለታከተው መሆኑ ይታወቃል። «አውች» እና «ያይክስ»ን ግን እንዳሉ አይተዋቸው፤ አማርኛ ተናጋሪ ጣቱን ሲቆርጠው «አውች» ሲል ከሰሙ በአብዛኛው የፊልም ቋንቋ እያስመሰለ ነው።

የቀረው የከንፈር ጉዳይ ነው፤ ለድምፅ የሚጽፉ ስለሆነ ሊዘሉት አይችሉም። «ዋው» ሲባል ከንፈር ሞጥሞጥ ብሎ ይጀምርና ተከፍቶ እንደገና ሞጥሞጥ ይላል። ካሜራው የኤማን ፊት አጉልቶ የሚያሳይ ከሆነ «ሲያምር!» ከዚያ ከንፈር ጋር አይገጥምም፤ «ወይ ጉድ!» ግን በ«ወ» ጀምሮ በ«ጉ» ከንፈሩን ሞጥሞጥ ስለሚያደርግ ልክ ይሆናል። ከጀርባዋ ወይም ከሩቅ የምትታይ ከሆነ «ሲያምር!»ን ያለ ሐሳብ ይውሰዱ። «ኡፕስ» ሲባል ከንፈር ሞጥሙጦ ይገጥማል፤ «ውይ» አጀማመሩን ይሸፍናል፣ መግጠሙን ግን አይሸፍንም፤ በቅርብ ለሚታይ ፊት «ውይ ደፋሁብሽ»ን ቶሎ ማለት በ«ፋ» እና በ«ብ» ላይ ከንፈሩን ወደ መግጠም ያመጣዋል። ጊዜው ከጠበበ «ውይ!» በፊቷ ላይ ይሁንና «ደፋሁብሽ!» ኤማ ጎንበስ ስትል ይከተል፤ ከጎነበሰች በኋላ አፏን የሚያይ የለም። «ያይክስ» አፍ ከፈት፣ ጥርስ ገለጥ አድርጎ የሚባል ነው፤ «ኧረ!» ወይም «አለቀልን!» ይገጥሙታል፤ «ጉዳችን ፈላ!» በ«ጉ» ስለሚጀምር በቅርብ ለሚታይ ፊት አይመችም፤ ልጆቹ ከጎን ከታዩ ግን ችግር የለውም።

ድምፅ ሲተካ ሙዚቃው፣ የብርጭቆው መሰበርና ኮቴው ለብቻው በተቀዳ ድምፅ ላይ ስለሚቀመጡ ይቆያሉ፤ የተዋንያኑ ድምፅ ግን ከነትንፋሹ ይነሣል። ኤማ ጣቷን ስትቆረጥ ከ«አውች» በፊት በጥርሷ መካከል የሳበችው አየር፣ ሊሊ ሥዕሏ ሲርስ ያሰማችው አጭር ድንጋጤ፣ ኮቴው ሲሰማ ያፈኑት ሳቅ ሁሉ ከዋናው ቋንቋ ጋር አብረው ይሄዳሉ። በጽሑፍዎ ላይ ካልሠፈሩ ተዋንያኑ እዚያ ቦታ ላይ ዝም ይላሉ፤ ተመልካቹም የሚንቀሳቀስ አፍ ያያል፣ ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ ትዕይንቱን ድምፁን ከፍ አድርገው እንደገና ይዩትና ቃል ያልሆነውን እያንዳንዱን ድምፅ ከነሰከንዱ ይጻፉት፤ «ትንፋሽ ስባ»፣ «በጥርሷ መካከል አየር ስባ»፣ «ሳቋን አፍና» እያሉ። ከእነዚህ መካከል «እንዴ!» ወይም «ኧረ!» ሊገባባቸው የሚችሉ ቦታዎች ያገኛሉና፣ የትኛው ቃል ይሁን የትኛው በትንፋሽ ይቅር የሚለውን ከተዋንያኑ ጋር በንባብ ላይ ይወስኑ።